«ሁልጊዜ» ካለ ሐሰት በይ የተባለችው ልጅ

ጤና ይስጥልኝ። የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ትምህርቴን ያቆምኩት ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው። ታናሿ ልጄ ስድስተኛ ክፍል ናት። አሥራ አንደኛ የሚማረው ወንድሟ «እውነት ወይም ሐሰት ሲመጣልሽ ‹ሁሉም›፣ ‹ሁልጊዜ›፣ ‹ብቻ›፣ ‹በፍጹም› የሚል ካየሽ ሐሰት በይ፤ ‹አንዳንድ› ካለ እውነት በይ» ብሎ አስጠናት። ማርኳም ከፍ አለ። ባለፈው ግን በዚሁ ዘዴ ሦስት ጥያቄ ኤክስ ተደርጎባት መጣች። «ሁለት ኢተጋማሽ ቁጥሮች ሲደመሩ ውጤቱ ሁልጊዜ ተጋማሽ ቁጥር ነው»፣ «ንጹሕ ውሃ ሁልጊዜ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል»፣ «ሁሉም ወፎች መብረር አይችሉም» ይላሉ። ሦስቱንም ሐሰት ብላ ነበር፤ መምህሩ ሦስቱም እውነት ናቸው ይላል። ወንድሟን አኩርፋ አታናግረውም። አባቷ «አብዛኛውን ካስመታ ዘዴው ምን አጠፋ?» ይላል። እኔ ግን ልጄ መገመት እየለመደች መሰለኝ። «አንቺ ሁልጊዜ ትቸኩያለሽ» ስላት ደግሞ «ሁልጊዜ ስላልሽ ሐሰት ነው» ብላ መለሰችልኝ። ሳቄም መጣ፣ ተናደድኩም። ዘዴውን ተዪው ልበላት? መምህሩ ጋስ ልሂድ? እኔ የማላውቀውን ትምህርት እንዴት አድርጌ ላግዛት?

እናት ነኝ፣ ከጉለሌ

ውድ እህቴ፣

የጻፉልኝን ሦስት ጥያቄዎች ደጋግሜ አየኋቸው። በወረቀቱ ላይ ሦስቱም አንድ ዓይነት ቀይ ኤክስ ቢኖርባቸውም፣ አንዱ የሌላው ዓይነት አይደለም። የቁጥሩን ጥያቄ ልጅዎ በእርግጥ ተሳስታለች። የውሃውን ግን አልተሳሳተችም፤ ያለችው ልክ ነው። የወፎቹ ደግሞ ዓረፍተ ነገሩ ራሱ ሁለት ትርጉም ስላለው፣ የተማረ ሰው ሁሉ እኩል የሚመልሰው ጥያቄ አይደለም። ስለዚህ ወንድምን ከመውቀስም፣ መምህሩ ጋ ከመሄድም በፊት እነዚህን ሦስቱን አንድ በአንድ ከልጅዎ ጋር ቁጭ ብሎ ማየት ይሻላል። ስምንተኛ ክፍል ማቆምዎ ለዚህ አያግድዎትም፤ የሚያስፈልገው በአብዛኛው መጠየቅ ነው።

መጀመሪያ ግን ስለ ወንድሟ ልናገር፤ ምክሩ ከሜዳ የመጣ አይደለምና። «ሁሉም» የሚል ዓረፍተ ነገር እውነት እንዲሆን አንድም ሳይቀር ሁሉም ጋ መስራት አለበት። ሐሰት ለመሆን ግን አንድ ማፈንገጫ ይበቃዋል። «ሁሉም የኢትዮጵያ ወንዞች ባሕር ይገባሉ» ቢባል፣ ዓባይ ሜዲትራኒያን ድረስ መሄዱ፣ ገናሌ በጁባ በኩል ሕንድ ውቅያኖስ መግባቱ አያድነውም። አዋሽ በአፋር በረሃ ተጉዞ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል፣ አለቀ። ኦሞም ቱርካና ሐይቅ ገብቶ ያበቃል፤ ነገር ግን ሁለተኛውን መጥራት እንኳ አያስፈልግም ነበር። አዋሽ ብቻውን ዓረፍተ ነገሩን ጥሎታል። «በፍጹም» እና «አንድም የለም» የሚሉትም እንደዚሁ ናቸው፤ አንድ ከተገኘ ይወድቃሉ። «ብቻ»ም ያው ነው። «ወተት የምትሰጠው ላም ብቻ ናት» ብሎ የሚጽፍ መምህር ፍየሏ እንደምትበቃው ያውቃል።

ሌላው ምክንያት በመምህሩ ጠረጴዛ ላይ ያለ ነው። ለብዙ ዓመት ፈተና ሳወጣ ስለኖርኩ ይህን ከውስጥ አውቀዋለሁ። እውነት ወይም ሐሰት የሚያወጣ ሰው መጽሐፉን ገልጦ እውነተኛ ዓረፍተ ነገሮች ይለቅማል። ከዚያ ግማሾቹን ሐሰት ማድረግ አለበት። «ፀሐይ በምዕራብ ትወጣለች» ዓይነት ሐሰት ቢጽፍ ማንም አይሳሳትለትም። ስለዚህ የሚቀለውን ያደርጋል። መጽሐፉ «አብዛኞቹ ሜታሎች በክፍል ሙቀት ጠጣር ናቸው» ካለ፣ «አብዛኞቹ»ን አውጥቶ «ሁሉም»ን ያስገባል። ሜርኩሪ ፈሳሽ ስለሆነ ሐሰት ሆነ። አንዲት ቃል ተቀይራ ጥያቄው ተዘጋጀ። በእንደዚህ ዓይነት ፈተና ላይ የወንድሟ ዘዴ ደህና አድርጎ ይሠራል፤ አባቷ ያዩትም ይህንኑ ነው።

ችግሩ ይህን ዘዴ መምህራንም ማወቃቸው ነው። ስለ ፈተና አወጣጥ በሚሰጥ ሥልጠና ላይ ከሚነገሩት የመጀመሪያ ነገሮች አንዱ «እነዚህን ቃላት መልሱን የሚያሳብቁ አታድርጓቸው» የሚለው ነው። ከዚያ በኋላ ጠንቀቅ ያለ መምህር ሁለት ነገር ያደርጋል፤ ወይ ቃላቱን ጨርሶ ይተዋቸዋል፣ ወይ ደግሞ «ሁልጊዜ» ያለባቸው ግን እውነት የሆኑ ዓረፍተ ነገሮች እየመረጠ ይጨምራል። የልጅዎ የቁጥር ጥያቄ የዚህ ዓይነት ነው የሚመስለው። ወንድሟ አልዋሻትም፤ መምህሩም አልሸወዳትም። እሷ ዘንድ የደረሰው ግን የዘዴው ግማሽ ብቻ ነው፤ «ሐሰት በይ» የሚለው። «ለምን ሐሰት ይሆናል?» የሚለው ሳይነገራት ቀርቷል።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንሂድ። ባቄላ ወይም ሽምብራ ካለዎት ያምጡና ልጅዎን 7 ፍሬ ሁለት ሁለት አድርጋ እንድትደረድር ያድርጉ። ሦስት ጥንድ ሆኖ አንድ ፍሬ ይተርፋታል። በሌላ በኩል 5 ፍሬ ትደርድር፤ ሁለት ጥንድ ሆኖ አሁንም አንድ ይተርፋል። ሁለቱን ክምር ስታቀላቅላቸው የተረፉት ሁለቱ ፍሬዎች ራሳቸው ጥንድ ይሆናሉ፤ የሚተርፍ የለም። ከዚያ ይጠይቋት፤ «7 እና 5 ባይሆኑስ? 101 እና 33 ቢሆኑስ?» ትንሽ ካሰበች ቁጥሩ ምንም ያህል ቢሆን ለውጥ እንደሌለው ታየዋለች። ኢተጋማሽ የሆነ ቁጥር ሁሉ ሲጣመር አንድ ያስተርፋል፤ ሁለት እንደዚህ ዓይነት ቁጥር ሲገናኝ ትርፎቹ ይጣመራሉ። እዚህ ጋ «ሁልጊዜ» የሚለው ቃል ያለ ስጋት የተቀመጠ ነው። ማፈንገጫ ብትፈልግ አታገኝም፤ ያላገኘችውም ፍለጋው ስላነሳት አይደለም፣ ሊኖር ስለማይችል ነው።

ይህ ልዩነት ትንሽ መቆያ ይገባዋል፤ ብዙ ልጆች የሚደናቀፉት እዚህ ነውና። «ብዙ ሞከርኩ፣ ሁሉም ሠራ» ማለት እና «ሁልጊዜ ይሠራል» ማለት አንድ አይደለም። ለወንድሟ የሚሆን አንድ ጨዋታ ልስጥዎት፤ አሥራ አንደኛ ክፍል ስለሆነ ይወደዋል ብዬ እገምታለሁ። አንድ ቁጥር ይውሰድ፣ በራሱ ያባዛው፣ ያንኑ ቁጥር ይደምርበት፣ 41 ይጨምርበት። በ1 ሲጀምር 43 ያገኛል፤ በ2 47፣ በ3 53፣ በ4 61። ሁሉም ከ1 እና ከራሳቸው በቀር ለሌላ የማይካፈሉ ቁጥሮች ናቸው፤ በትምህርት ቤት ፕራይም የሚሏቸው። እስከ 39 ድረስ ቢሞክር አንድም ሳያፈነግጥ ይቀጥልለታል፣ መጨረሻ ላይ 1601 ያገኛል። ይህን ያየ ሰው «ሁልጊዜ ፕራይም ይሰጣል» ቢል ማን ይፈርድበታል? 40 ላይ ሲደርስ ግን 1681 ይወጣል፤ ያ ደግሞ 41 ሲባዛ በ41 ነው። ሠላሳ ዘጠኝ ጊዜ ሠርቶ በአርባኛው ወደቀ። የባቄላው ግን አይወድቅም፤ ምክንያቱን ስላየነው። ወንድሟ ይህን ራሱ አስልቶ ለእህቱ ቢያሳያት፣ ኩርፊያውም በዚያው ሊሰበር ይችላል። «ያስተማርኩሽ ጎድሎ ነበር፣ ነይ ልሙላልሽ» ማለት ለታላቅ ወንድም የሚከብድ ነገር አይደለም።

ወደ ውሃው ልመለስ፤ እኔን ከሁሉ በላይ የያዘኝ ይህ ነው። የሳይንስ መጽሐፉ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ሲል ልክ ነው፤ ግን የሚናገረው በባሕር ጠለል ላይ ስላለው የአየር ግፊት ነው። ውሃ የሚፈላው ከውስጡ የሚነሳው እንፋሎት ከላይ የሚጫነውን አየር መግፋት ሲችል ነው። ከፍ ወዳለ ቦታ በተወጣ ቁጥር የሚጫነው አየር ይቀንሳል፣ ስለዚህ ውሃው በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። እንደ ግምት፣ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ይወርዳል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ስለዚህ በእርስዎ ምድጃ ላይ ውሃው የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። አዳማ ዝቅ ስለምትል ከዚያ ጥቂት ይጨምራል። ጅቡቲ ባሕር ዳርቻ ላይ 100 ይደርሳል። ዳሎል ደግሞ ከባሕር ጠለል በታች ከመቶ ሜትር በላይ ስለሚወርድ፣ እዚያ ንጹሕ ውሃ ቢጣድ ከ100 እንኳ ትንሽ አለፍ ብሎ ነው የሚፈላው። በደጋ አገር ሽምብራና ባቄላ ለመብሰል የሚያስቸግረው፣ ውሃው እየተንተከተከም ቢሆን ሙቀቱ ከዚያ በላይ አልወጣ ስለሚል ነው። ይህን እርስዎ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል።

እንግዲህ ልጅዎ «ሐሰት» ያለችው ልክ ነበር። ነገር ግን እስቲ ይጠይቋት፤ «ለምን ሐሰት አልሽ?» «ሁልጊዜ ስላለ» ካለችዎት፣ መልሱ ትክክል ሆኖ ዕውቀቱ የለም ማለት ነው። የእርስዎ ስጋት ያለው እዚህ ላይ ነው፤ አባቷ ደግሞ የሚያዩት ማርኩን ነው። ሁለታችሁም የያዛችሁት እውነት አለ። ለማረጋገጥ ቀላል መንገድ አለ። በዘዴው ልክ የመለሰቻቸውን የድሮ ፈተናዎቿን ያውጡና፣ ሐሰት ባለቻቸው ጥያቄዎች ላይ አንድ በአንድ «ማፈንገጫው ማን ነው?» ብለው ይጠይቋት። ለአብዛኛው ስም መጥራት ከቻለች፣ ልጅቷ እየተማረች ነው፤ ዘዴው ያገዛት ቶሎ እንድታስታውስ ነው። ዝም ካለች ደግሞ እርስዎ እንደፈሩት ነው። ይህን ሲያደርጉ እንደ ፈተና ባይሆን ደስ ይለኛል፤ ቡና እየተፈላ፣ እየተጫወታችሁ ይሁን።

የወፎቹ ጥያቄ ባይወጣ ይሻል ነበር። «ሁሉም ወፎች መብረር አይችሉም» ሲባል አንዱ ሰው «የሚበር ወፍ አንድም የለም» ብሎ ይሰማዋል፤ እንዲህ ከሆነ ሐሰት ነው፣ ርግብ ትበራለችና። ሌላው ደግሞ «የሚበሩት ሁሉም አይደሉም» ብሎ ይሰማዋል፤ እንዲህ ከሆነ እውነት ነው፣ ሰጎን አትበርምና። መምህሩ በሁለተኛው መንገድ አስቦት ይሆናል። ልጅዎ በዚህ ልትወቀስ አይገባም። ሆኖም አንድ ነገር ልትይዝበት ትችላለች። ከ«ሁሉም» ወይም ከ«ሁልጊዜ» ጋር «አይደለም» ወይም «አይ…ም» የሚል አሉታ ከመጣ፣ የወንድሟ ደንብ ሊገለበጥ ይችላል። «ውሃ የሚፈላው ሁልጊዜ በ100 ዲግሪ አይደለም» ቢል እውነት ነው፤ ቃሏን ብቻ አይታ ሐሰት ብትል ትሳሳት ነበር። ስለዚህ እስከ አራት ነጥቡ ድረስ ታንብብ። አሻሚ ከሆነባት እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ አንድም አይበርም ነው ወይስ አንዳንዶቹ አይበሩም ነው?» ብላ መጠየቅ ነውር የለውም።

ስለ «አንዳንድ»ም ጥቂት ልበል፣ ያም የዘዴው ግማሽ ነውና። «አንዳንድ» ያለበት ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ እውነት የሚሆነው በተቃራኒው ምክንያት ነው፤ አንድ ምሳሌ ከተገኘለት ይቆማል። ግን አንድም የሌለበት ጊዜ አለ። «አንዳንድ ሦስት ማዕዘኖች ሁለት ቀጥተኛ ማዕዘን አላቸው» ይላል እንበል። ሁለት ቀጥተኛ ማዕዘን ብቻቸውን 180 ዲግሪ ስለሚሞሉ ለሦስተኛው ምንም አይቀርለትም። ስለዚህ ሐሰት ነው፣ «አንዳንድ» ቢልም።

ታዲያ ዘዴውን ትተወው ወይ? እኔ ትተወው አልልም፤ ቃሏን ስታይ የምታደርገው ነገር ይቀየር ነው የምለው። «ሁልጊዜ» ስታይ መልስ ከመጻፍ ይልቅ ፍለጋ ትጀምር። የምትፈልገውም መሀል ላይ ሳይሆን ጠርዝ ላይ ነው፤ ከቁጥር ትንሹን፣ ከቦታ ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን፣ ከእንስሳ እንግዳውን፣ ከዓመት አራት ዓመት ጠብቆ የሚመጣውን። «ፕራይም ቁጥሮች ሁሉ ኢተጋማሽ ናቸው» ቢባል 3፣ 5፣ 7፣ 11 እያለች ወደ ላይ ብትወጣ ምንም አታገኝም፤ ወደ ታች ብትመለከት 2 ቁጭ ብላለች። ማፈንገጫ ካገኘች ሐሰት ትበልና ስሙን ከጥያቄው ጎን በእርሳስ ትጻፈው፤ «አዋሽ»፣ «ሰጎን»፣ «2»። ካላገኘች ደግሞ ሌላ ጥያቄ ትጠይቅ፤ ይህ ነገር ሌላ ሊሆን የማይችልበት ምክንያት አለው ወይ? ትርጉሙ ራሱ የሚያስገድደው (ሦስት ማዕዘን ሁልጊዜ ሦስት ጎን አለው)፣ ወይም እንደ ባቄላው ምክንያቱ የታየ፣ ወይም ሰዎች ደንብ አድርገው የደነገጉት ከሆነ፣ ያለ ፍርሃት እውነት ትበል።

ይህን ለማለማመድ የሳይንስ መጽሐፍ አያስፈልግዎትም፤ ግድግዳ ላይ ያለው የቀን መቁጠሪያ ይበቃል። «ጳጉሜን ሁልጊዜ 5 ቀን ናት» ይበሏት። በየአራት ዓመቱ 6 ስለምትሆን ሐሰት ነው። «ጳጉሜን በፍጹም ከ6 ቀን አትበልጥም» ይበሏት፤ አሁን እውነት ነው፣ «በፍጹም» እያለበትም። «ገና ሁልጊዜ ታኅሣሥ 29 ነው» ይበሏትና ፊቷን ይዩት። ብዙ ትልልቅ ሰዎችም እውነት ይላሉ። ግን በዘመነ ዮሐንስ ገና የሚከበረው ታኅሣሥ 28 ነው፤ 2016 ላይ እንዲሁ ነበር። ጳጉሜን 6 ሆና ካለፈች በኋላ ቀኑ በአንድ ስለሚሸሽ ነው። «ፋሲካ ሁልጊዜ እሑድ ነው» ደግሞ እውነት ነው፤ ቀመሩ ራሱ እሑድ ላይ እንዲያርፍ ተደርጎ የተሠራ ነውና። ሙስሊም ጎረቤት ካላችሁ «ረመዳን ሁልጊዜ 30 ቀን ነው ወይ?» ብላ ሄዳ ትጠይቅ፤ 29 የሚሆንበት ዓመት እንዳለ ይነግሯታል። ጥቂት ጊዜ እንዲህ ከተጫወታችሁ በኋላ እሷ ራሷ እያወጣች እርስዎን መጠየቅ ትጀምር ይሆናል። ያን ጊዜ ይሳሳቱላት፤ ትደሰታለች።

የዚህ ሁሉ ወሰን ግን መታወቅ አለበት። ፍለጋ የሚሠራው የሚፈለገው ነገር ጭንቅላት ውስጥ ካለ ነው። «ሁሉም አጥቢ እንስሳት ልጅ ይወልዳሉ» ቢባል፣ አውስትራሊያ ውስጥ እንቁላል ጥሎ ወተት የሚያጠባው ፕላቲፐስ የሚባል እንስሳ እንዳለ ያልሰማ ልጅ የቱንም ያህል ቢያስብ አያመጣውም። እንዲህ ሲገጥማትና ጊዜው ሲያልቅ፣ ያን ጊዜ የወንድሟን ደንብ ትጠቀምበት፤ ሐሰት ብላ ትገምት። መገመት ኃጢአት አይደለም። ብቻ ከጎኑ ነጥብ ታድርግበት፤ ቤት ስትመጣ የገመተችውን ከምታውቀው ለይታ ታጠናለች። እርስዎም ወረቀቷን ሲያዩ፣ ከማርኩ ይልቅ ነጥቦቹ የት የት እንደበዙ ይነግሩዎታል።

«ሁልጊዜ ስላልሽ ሐሰት ነው» ያለችዎትን ሳነብ እኔም ሳቅሁ። ባለጌነት አይደለም፤ በክርክር ሕግ አሸንፋዎታለች። «አንቺ ሁልጊዜ ትቸኩያለሽ» ሲሏት፣ ቀስ ብላ የሠራችበትን አንድ ቀን መጥራት ብቻ ነው የሚጠበቅባት፤ ከዚያ ወሬው ስለዚያ ቀን ይሆንና የእርስዎ ሐሳብ ይጠፋል። በምትኩ ያዩትን አንዱን ነገር ይንገሯት፤ «የወፎቹን ጥያቄ እስከ መጨረሻው አንብበሽዋል?» ይህን ማስተባበል አትችልም፤ ማስተባበልም አያስፈልጋትም፣ ወይ አንብባዋለች ወይ አላነበበችውም። ለአባቷም ይኸው ይሠራል። «አንተ ሁልጊዜ ማርክ ማርክ ትላለህ» ከሚሏቸው፣ የውሃውን ጥያቄ አሳይተው «ይህን ልክ መልሳ ለምን እንደሆነ አታውቅም» ቢሏቸው ሳይሻል አይቀርም።

መምህሩ ጋ ስለመሄድ፣ እርስዎ ባይሄዱ እመርጣለሁ፤ ልጅቷ ትሂድ። እርስዎ ሲሄዱ ነገሩ የማርክ ክስ ይመስላል፣ እሷ ስትሄድ ግን የተማሪ ጥያቄ ነው። ቁጥሩን ታንሳው፤ እዚያ ተሳስታለች፣ ራሷ «ቲቸር፣ የቁጥሩ ገብቶኛል» ብላ ብትጀምር መምህሩም ይለዝባል። ቀጥላ «ቲቸር፣ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ ከ100 በታች አይፈላም?» ትበል። በጥያቄ መልክ ይሁን፤ «ተሳስተዋል» የሚል ቃል አይውጣት። መምህሩ «በመጽሐፉ መሠረት ነው» ሊላት ይችላል፤ ይህም ተገቢ መልስ ነው፣ ፈተናው ከመጽሐፉ ነውና። እንደዚያ ካላት «እንግዲህ በባሕር ጠለል ላይ ቢባል ነው?» ብላ ትጨምር። አብዛኛው መምህር እዚህ ጋ ፈገግ ይላል። ትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ ካለው እስከ 110 ዲግሪ የሚለካ ቴርሞሜትር ይኖራል፤ ክፍሉ ፊት አንድ ቀን እንዲለኩት ትጠይቀው። ቤት ውስጥ ግን የትኩሳት መለኪያውን የሚፈላ ውሃ ውስጥ እንዳትነክር አደራ፤ 42 አካባቢ ላይ ስለሚያበቃ ይሰበራል፣ አሮጌው ዓይነት ደግሞ ሜርኩሪ ያፈሳል፤ እሱ መርዝ ነው።

ማርኩ ካልተስተካከለላት አይከራከሩ። የሁለት ጥያቄ ማርክ ስድስተኛ ክፍል ላይ የትም አያደርሳትም፣ የትም አያስቀራትም። ይልቅ ያንን ወረቀት ይዛ ቤት ስትመጣ ከውሃው ጥያቄ ጎን «አዲስ አበባ፣ 92» ብላ በራሷ እጅ ትጻፍበት፤ ለሚቀጥለው ፈተና ስታጠና ያቺን ታነባለች። ከወንድሟ ጋር ሲታረቁና የ41ን ጨዋታ አብረው ሲያሰሉት ደግሞ፣ እስከ 10 ድረስ እሷ ትሥራው፤ ማባዛቷንም በዚያው ታሻሽላለች። የቀረውን እሱ ይጨርሰው።